ከደረጃው ታችም ከላይም የሚበራ መብራት፦ የሽቦ ሥዕሉን ደረጃ በደረጃ ማንበብ

የአንድ ተራ መብራት ሥዕል ብዙ አያስቸግርም። ፌዝ ማብሪያው ውስጥ ይገባል፣ ወጥቶ አምፖሉ ጋ ይደርሳል፣ በኒውትራል ይመለሳል። አለቀ። ነገር የሚመጣው አንዱን አምፖል ሁለት ማብሪያ ሲያዙት ነው። አንዱ ከደረጃው ግርጌ፣ ሌላው ከላይ። ሥዕሉን ስታዩት አንዱ መስመር ወደ ሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄደው እንደገና አንድ ይሆናሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወረቀቱን አጥፎ በግምት ማሰር ይጀምራል። ግምቱ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ሽቦ ይስታል።

እዚህ የምናነበው በጣም የተለመደውን ነው። ሁለት ባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ብሬከር። እርሳስና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። ይህ ሥዕል በዓይን ብቻ አይነበብም።

መጀመሪያ፦ በእጃችሁ ያለው የትኛው ሥዕል ነው?

ለአንድ መብራት ሁለት ዓይነት ሥዕል ሊሰጣችሁ ይችላል። አንደኛው የቤቱ ፕላን ላይ የተሳለ ነው። ክብ ውስጥ ኤክስ ያለበት አምፖል ነው። ትንሽ ክብ ላይ ጭረት የወጣባት ማብሪያ ናት፤ ባለ ሁለት አቅጣጫ ከሆነች ጭረቱ በሁለት ተቃራኒ ጎን ይወጣል። እነዚህን የሚያገናኘው አንድ መስመር ብቻ ነው። ያ መስመር ግን አንድ ሽቦ አይደለም፣ ቱቦ ነው። በላዩ ላይ የተጋደሙት ትናንሽ ሰረዞች ውስጡ ስንት ሽቦ እንዳለ ይቆጥሩላችኋል። ሰረዙ ሲበዛ ቁጥር ይጻፍበታል።

ሁለተኛው ሥዕል እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ ያሳያል። ማሰር የሚቻለው በዚህኛው ነው። ስለዚህ ፕላኑ ብቻ ካላችሁ ማብሪያዎቹ የት እንዳሉና ቱቦው ውስጥ ስንት ሽቦ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ እንጂ የትኛው ሽቦ የትኛው ብሎን ስር እንደሚገባ አታውቁም።

ሁለተኛውን ሥዕል ጓዙን ትተን ወደ ፍሬ ነገሩ ስናወርደው ይህን ይመስላል፦

```
          S1                  S2
L ----- COM   L1 ------- L1   COM ----- (X) ----- N
              L2 ------- L2
```

በግራ ያለው ኤል ፌዝ ነው፣ በቀኝ ያለው ኤን ኒውትራል ነው፣ ኤክሱ አምፖሉ ነው። ኤስ1 የታችኛው ማብሪያ ነው፣ ኤስ2 የላይኛው። የመሬት ሽቦው ከማብሪያዎቹ ጋር ጉዳይ ስለሌለው እዚህ አልሳልኩትም። እሱ በቀጥታ ወደ አምፖሉ መያዣ ይሄዳል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እናጥራ። ማብሪያው ጀርባ ላይ ያሉት ኤል1 እና ኤል2 የፌዝ ምልክት አይደሉም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ሥዕል ላይ ኤል1 ማለት አንደኛው ፌዝ ነው። ማብሪያው ላይ ግን የሁለቱ መውጫዎች ስም ብቻ ነው። ከብሬከር የመጣውን ፌዝ «ኤል ይላል» ብሎ ኤል1 ላይ የሚያስር ሰው ብዙ ነው። ኋላ የምናየው ብልሽት ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛ፦ ማብሪያውን ለይታችሁ እወቁት

ባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ ሦስት ብሎን አለው። አንዱ ኮም ይባላል፣ የጋራው ማለት ነው። በውስጡ ያለችው ምላስ አንድ ጫፏ ሁልጊዜ ኮም ላይ ተተክሏል። ሌላኛው ጫፍ አንዴ ኤል1ን፣ አንዴ ኤል2ን ይነካል። መንታ መንገድ ላይ እንደቆመ ሰው ነው፤ ወይ ግራ ወይ ቀኝ ይሄዳል እንጂ መሃል ላይ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ማብሪያ «አጥፊ» የሚባል ቦታ የለውም። «ወደ ላይ ማጥፊያ፣ ወደ ታች ማብሪያ» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም። ሥዕሉ ላይ ምላሷ አንዱን ነክታ ብታዩዋትም ሠዓሊው ለመሳል ያህል የመረጠው ቦታ ነው።

ኮም ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደለም። አንዳንዱ ማብሪያ ላይ ለብቻው በአንድ ጎን ነው፣ ሌላው ላይ ከሦስቱ መሃል ነው፣ ሌላው ላይ ፊደል የለውም፣ ቀስት ወይም ጠቆር ያለ ብሎን ብቻ ነው። ስለዚህ በቦታ አትመኑ። የተጻፈበት ነገር ከሌለ ማብሪያውን ከግድግዳ አውጥታችሁ፣ ምንም ሽቦ ሳይታሰርበት፣ መልቲሜትሩን ድምፅ የሚያሰማው ላይ አድርጉና ሁለት ሁለቱን ብሎን ነካ ነካ አድርጉ። በአንዱ አቋም አንድ ጥንድ ይጮኻል። ማብሪያውን ገልብጡት፣ ሌላ ጥንድ ይጮኻል። በሁለቱም ጥንድ ውስጥ ያለው ብሎን ኮም ነው። የቀሩት ሁለቱ እርስ በርሳቸው ፈጽሞ አይጮሁም። ከጮሁ ማብሪያው ተበላሽቷል ወይም የያዛችሁት ሌላ ዓይነት ነው።

ሦስተኛ፦ ፌዙን በቀለም ተከተሉ

ቀዩን እስክሪብቶ አንሱ። ከብሬከሩ ጀምራችሁ ፌዙን እስከ መጀመሪያው ማብሪያ ኮም ድረስ አቅልሙት። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ማብሪያዎቹ አቋም ይለዋወጣል። በሁለቱ ማብሪያዎች መሃል ያሉትን ሁለት መስመሮች «መንታዎቹ» እንበላቸው። ከሁለተኛው ማብሪያ ኮም ወጥቶ አምፖሉ ጋ የሚደርሰውን ደግሞ «የአምፖል ሽቦ»።

አሁን አራቱን አቋም አንድ በአንድ ሂዱባቸው። ይህን እርምጃ መዝለል አይመከርም። ሥዕሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የታችኛው ምላስ ኤል1 ላይ፣ የላይኛውም ኤል1 ላይ ናት እንበል። ፌዝ በመጀመሪያው መንታ አልፎ ወደ ላይኛው ኮም ይደርሳል፣ አምፖሉ በርቷል። አንድ ሰው ታች ቆሞ ማብሪያውን ይጫናል። የታችኛው ወደ ኤል2 ሄደ። አሁን ፌዝ ሁለተኛው መንታ ላይ ነው፣ የላይኛው ግን አሁንም የመጀመሪያውን ይዞ ተቀምጧል። አልተገናኙም፣ ጠፋ። ሰውየው ሽቅብ ወጥቶ የላይኛውን ይጫናል። የላይኛውም ወደ ኤል2 መጣ፣ ተገናኙ፣ በራ። ታች ያለ ሌላ ሰው ደግሞ ይጫናል። የታችኛው ወደ ኤል1 ተመለሰ፣ የላይኛው ኤል2 ላይ ነው፣ ጠፋ። ከአራቱ ሁለቱ ያበራሉ፣ ሁለቱ ያጠፋሉ። ማንም ሰው፣ ከየትኛውም ጎን፣ አንድ ጊዜ ሲጫን ሁኔታው ይገለበጣል።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ መብራቱ በራም ጠፋም ከመንታዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ፌዝ አለበት። የትኛው እንደሆነ ደግሞ የታችኛው ማብሪያ ይወስናል። ስለዚህ «መብራቱ ጠፍቷል» ብሎ የላይኛውን ማብሪያ መፍታት ለአደጋ መጋለጥ ነው። ብሬከሩ መውረድ አለበት፤ ከወረደም በኋላ ቴስተሩን መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክራችሁ፣ ከዚያ ሦስቱንም ብሎን በእሱ ንኩ።

ሁለተኛ፣ መንታዎቹ ቢቀያየሩ ምንም አይሆንም። ከታች ኤል1 የወጣው ከላይ ኤል2 ቢገባ አምፖሉ ከሁለቱም ቦታ እንደ ልቡ ይበራል፣ ይጠፋል። የሚለወጠው ማብሪያዎቹ የሚያበሩበት አቋም ብቻ ነው። የማይለዋወጠው ኮም ነው። መጨነቅ ያለባችሁ እዚያ ላይ ነው።

አራተኛ፦ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው አውርዱት

ሥዕሉ ላይ ሽቦ ከማብሪያ ማብሪያ በቀጥታ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ግን በማገናኛ ሳጥን በኩል ይዞራል። ብዙ ሰው ሥዕሉን ተረድቶ ሳጥኑን ሲከፍት የሚደናገጠው ለዚህ ነው። መፍትሔው መቁጠር ነው።

የእኛ ደረጃ እንዲህ ነው እንበል። ከታችኛው ማብሪያ በላይ አንድ ሳጥን አለ፣ ከላይኛው ማብሪያ በላይ ሌላ ሳጥን አለ። አምፖሉ ከላይኛው ሳጥን ይመገባል፣ የማብሪያ ቤቶቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ የመሬት ሽቦ ወደ እነሱ አልወረደም። (በአንዳንድ አገር ደንብ ወደ ማብሪያውም መውረድ አለበት፤ ያኔ ለየማብሪያው አንድ ጨምሩ።)

ከብሬከር ወደ ታችኛው ሳጥን ሦስት ሽቦ ይመጣል፤ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ መሬት። ከሳጥኑ ወደ ታችኛው ማብሪያም ሦስት ነው፤ ፌዝ ይወርዳል፣ ሁለቱ መንታዎች ይወጣሉ። ከታችኛው ሳጥን ወደ ላይኛው ሳጥን አራት ያልፋል፤ ሁለቱ መንታዎች፣ ኒውትራል፣ መሬት። ፌዝ ራሱ ከታችኛው ሳጥን ወደ ላይ አይሻገርም። ከላይኛው ሳጥን ወደ ላይኛው ማብሪያ ሦስት ነው፤ ሁለቱ መንታዎች ይወርዳሉ፣ የአምፖል ሽቦ ይወጣል። ወደ አምፖሉም ሦስት፤ የአምፖል ሽቦ፣ ኒውትራል፣ መሬት።

ታችኛው ሳጥን ውስጥ ሦስት፣ ሦስትና አራት፣ በድምሩ አሥር የሽቦ ጫፍ አለ። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው ይታሰራሉ፣ አምስት ማያያዣ። ላይኛው ሳጥን ውስጥም አራት፣ ሦስትና ሦስት፣ አሥር ጫፍ፣ አምስት ማያያዣ። ሳጥኑን ከፍታችሁ በአንድ ማያያዣ ውስጥ ሦስት ጫፍ ካገኛችሁ ከዚያ ሌላ ነገር ይመገባል ማለት ነው፤ ምናልባት ሶኬት፣ ምናልባት የጎረቤት ክፍል መብራት። በሳጥኖቹ መሃል አምስተኛ ሽቦ ካለም ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ የሚሻገር ቋሚ ፌዝ ነው። ፕላኑ ላይ ያሉት ሰረዞች ከዚህ ቆጠራ ጋር መግጠም አለባቸው። በሳጥኖቹ መሃል ሦስት ሰረዝ ብቻ ካያችሁ የሆነ ሽቦ ተረስቷል፣ ወይም ኒውትራሉ በሌላ በኩል ይመጣል። ይህ ሁለተኛው ግምት የራሱ ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ስለ ቀለም አጭር ቃል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት ደንብ ፌዝ ቡናማ፣ ኒውትራል ሰማያዊ፣ መሬት አረንጓዴና ቢጫ ነው። መንታዎቹ ብዙ ጊዜ ጥቁርና ግራጫ ይሆናሉ። አሮጌ ቤት ውስጥ ግን የኬብሉ ሰማያዊ ሽቦ እንደ መንታ ሆኖ ሲያገለግል ታገኛላችሁ፤ ጫፉ ላይ ቡናማ ፕላስተር መጠቅለል ነበረበት፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀለልም። ስለዚህ ማብሪያ ውስጥ ያለ ሰማያዊ «ኒውትራል ነው» ተብሎ አይታመንም። አረንጓዴና ቢጫው ደግሞ ለመንታነት ፈጽሞ አይውልም። እንዲህ የተሠራ ካገኛችሁ ሥራውን አስቁሙ።

አንድ ብልሽት ከሥሩ እንፍታ

አቤቱታው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይመጣል፦ «ከላይ ካጠፋሁት ከታች እምቢ ይለኛል።» ሰው አምፖል ይቀይራል፣ ማብሪያ ይቀይራል፣ ያው ነው። ሥዕሉን ብታነቡት ግን መልሱ እዚያው አለ።

የላይኛው ማብሪያ ላይ የአምፖል ሽቦ ኮም ላይ መሆን ሲገባው ኤል1 ላይ ታስሯል፣ የመጀመሪያው መንታ ደግሞ ኮም ላይ ገብቷል እንበል። ሁለተኛው መንታ ኤል2 ላይ እንዳለ ነው። እርሳሱን ይዛችሁ አራቱን አቋም እንደገና ሂዱ። የታችኛው ኤል1 ላይ፣ የላይኛውም ኤል1 ላይ ሲሆን ፌዝ በመጀመሪያው መንታ ወደ ኮም፣ ከኮም ወደ አምፖል ሽቦ ያልፋል፣ ይበራል። የላይኛውን ወደ ኤል2 ገልብጡት። አሁን ምላሷ ሁለቱን መንታዎች እርስ በርስ አገናኘች፣ የአምፖል ሽቦ ግን ብቻውን ቀረ፣ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ታች ሆናችሁ ብትጫኑ ብትጫኑ የአምፖል ሽቦ አልተያዘምና አይበራም። የላይኛውን ወደ ኤል1 መልሳችሁ የታችኛውን ወደ ኤል2 ብታደርጉ ደግሞ ፌዝ ሁለተኛው መንታ ላይ ነው፣ ኮም ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፣ አይበራም።

ከአራቱ የሚያበራው አንዱ ብቻ ሆነ። ማለትም ሁለቱ ማብሪያዎች በተርታ እንደታሰሩ ሁለት ተራ ማብሪያዎች ሆኑ፤ ሁለቱም ካልፈቀዱ መብራት የለም። ስህተቱ የታችኛው ላይ ቢሆንም ምልክቱ ያው ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ብቻ የትኛው እንደተሳሳተ አይታወቅም፤ ሁለቱም መፈታት አለባቸው።

ሲፈቱ መንታዎቹን ከሌላው የሚለዩበት ቀላል ዘዴ አለ። ዘዴው የሚሠራው ከማብሪያ ማብሪያ የሚደርሱት መንታዎቹ ብቻ በመሆናቸው ነው። ብሬከሩን አውርዱ፣ አረጋግጡ፣ አምፖሉን ፍቱት። ከሁለቱም ማብሪያ ሦስቱንም ሽቦ አውጡ። ታች ካሉት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን ባዶ ጫፋቸውን አጋጥማችሁ ጠምዝዙ። ከዚያ ላይ ወጥታችሁ ሦስቱን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ በመልቲሜትር ንኩ። አንድ ጥንድ ከጮኸ እነዚያ መንታዎቹ ናቸው፣ ታች የጠመዘዛችኋቸውም እንደዚያው። የቀረው የላይኛው ሽቦ የአምፖሉ ነው፣ የቀረው የታችኛው ፌዝ ነው፤ ሁለቱም ኮም ላይ ይገባሉ። የጮኸ ጥንድ ከሌለ ታች ከጠመዘዛችኋቸው አንዱ ፌዙ ነበር፣ ሌላ ጥንድ ሞክሩ። አምፖሉ ካልተፈታ ግን በእሱ በኩል ዞሮ የሚመጣ መንገድ መልቲሜትሩን ሊያታልለው ይችላል። ከዚህ በኋላ የጠመዘዛችሁትን መፍታት እንዳትረሱ። አንዱ ፌዝ ከሆነ አንድ መንታ በማብሪያው ሳይሆን በቋሚነት ፌዝ ይዞ ይቀራል።

ሥዕሉ ራሱ የተሳሳተ ሲሆን

ሁሉም ሥዕል አይታመንም። ኒውትራልን በሰማያዊው እስክሪብቶ ከአምፖሉ ወደ ኋላ እስከ መነሻው ተከተሉ። በመንገዱ ላይ ማብሪያ ካጋጠማችሁ ሥዕሉን አትሥሩበት።

አንድ የቆየ አሠራር አለ። በሁለቱም ማብሪያ ኤል1 ላይ ፌዝ፣ ኤል2 ላይ ኒውትራል ይታሰራል፣ አምፖሉ በሁለቱ ኮም መሃል ይገባል። ሁለቱ ማብሪያዎች የተለያየ ቦታ ሲይዙ ይበራል፣ አንድ ዓይነት ሲይዙ ይጠፋል። ማራኪ ነው፤ በየቦታው ፌዝና ኒውትራል ካለ መንታ ሽቦ መሳብ አያስፈልግም። ግን ሁለቱም ፌዝ ላይ ሆነው ሲጠፋ የአምፖሉ ሁለቱም እግር ፌዝ አለበት። አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው «ጠፍቷል» ብሎ የሚነካው እሱን ነው። ከዚያም በላይ በአንዲት ማብሪያ ውስጥ ፌዝና ኒውትራል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ምላሷ ስትሻገር ብልጭታው ካገናኛቸው ሾርት ነው።

ሌላው ይበልጥ የተደበቀ ነው። ፌዙ ከምድር ቤቱ ብሬከር ይነሳል፣ ኒውትራሉ ግን ከፎቁ መስመር ይወሰዳል፤ ላይኛው ሳጥን ውስጥ ቅርብ ስለሆነ። በሳጥኖቹ መሃል ሦስት ሰረዝ ያልኳችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። መብራቱ በደንብ ይሠራል። የሚያስቸግረው ግን ሁለት ነገር ነው። የፎቁን ብሬከር አውርዶ ኒውትራሉን የሚፈታ ሰው «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ያስባል፤ የደረጃው መብራት በርቶ ከሆነ ግን በአምፖሉ በኩል የመጣ ፌዝ ያ የተፈታ ጫፍ ላይ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚያጠፋው አርሲዲ ለየመስመሩ ካለ፣ የሄደው በአንዱ፣ የተመለሰው በሌላው ስለሆነ መብራቱ በተከፈተ ቁጥር ሊጥል ይችላል። ሰው ያን ሲያይ አምፖሉን ይጠረጥራል። ሰማያዊው እስክሪብቶ ከቀዩ ጋር አንድ ብሬከር ስር ካልደረሰ ምክንያቱ ተገኘ።

ጠፍቶ የሚያብለጨልጭ ኤልኢዲ

የመጨረሻው ጉዳይ ብልሽት አይደለም፣ ግን ሥዕሉን ያነበበ ብቻ ነው የሚረዳው። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ኤልኢዲው በሌሊት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ጠፋ ማለት የላይኛው ኮም ፌዝ የሌለበትን መንታ ይዟል ማለት ነው። ያ መንታ ግን ከጎኑ ፌዝ ካለበት መንታ ጋር በአንድ ቱቦ ብዙ ሜትር አብሮ ይጓዛል፤ ሳይነካኩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ እሱ ይሻገራል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ያን ልብ አይለውም ነበር። ኤልኢዲ ግን ለጭላንጭል ያህል ይበቃዋል። መልቲሜትር ብታስገቡም ፌዝ በሌለበት መንታ ላይ አሥር ቤት ቮልት ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ቴስተሩም ሊፈዝ ይችላል። ሽቦ ተቀይሯል ብላችሁ ግድግዳ አትቅደዱ። ሌላ ስሪት ኤልኢዲ ሞክሩ፤ ካልሆነ ከአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን፣ በአምፖል ሽቦና በኒውትራል መሃል የሚታሰር፣ ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ትንሽ ካፓሲተር አለ።